የአሥር የታሪክና የጂኦግራፊ ጥያቄና መልስ ቪዲዮዎች አዘገጃጀት፦ ጥያቄ፣ የማሰቢያ ጊዜና መልስ በሰከንድ ሲለኩ

የጥያቄና መልስ ቪዲዮ የሚያዘጋጅ ሰው አብዛኛውን ጊዜ ሥራውን የሚጀምረው ጥያቄ በመሰብሰብ ነው። ጥያቄዎቹን ይጽፋል፣ ድምፁን ይቀርጻል፣ በመጨረሻም ሲያቀናብር በእያንዳንዱ ጥያቄና መልስ መካከል አምስት ሰከንድ ዝምታ ያስገባል። እኔም የመጀመሪያ ቪዲዮዬን የሠራሁት በዚሁ መንገድ ነበር። ቪዲዮውን ለእህቴ ልጅ ከፈትኩላት። ልጅቱ ባሕር ማዶ ተወልዳ ያደገች ስትሆን ፊደል ብትለይም የምታነበው ቀስ ብላ ነው። ጣቷን በስልኩ መስተዋት ላይ አድርጋ ምርጫዎቹን አንድ በአንድ ስትከተል፣ ሦስተኛው ምርጫ ላይ እንደ ደረሰች መልሱ ቦግ ብሎ ወጣ። «አጎቴ፣ ገና ሐ ላይ ነበርኩ እኮ!» አለችኝ። አምስቱ ሰከንድ ለማሰብ የተሰጠ ጊዜ መስሎኝ ነበር፤ ለካ ለእርሷ የማንበቢያ ጊዜ እንኳ አልሆናትም።

ከዚያ ወዲህ የምከተለው አሠራር ከዚህች አንዲት ነጥብ ይነሣል። የማሰቢያው ጊዜ መቆጠር የሚጀምረው ተመልካቹ የመጨረሻውን ምርጫ አንብቦ ሲጨርስ እንጂ ጥያቄው ስክሪን ላይ ሲወጣ አይደለም። ስለዚህ መጀመሪያ የሚታቀደው ጊዜው ነው፤ ጥያቄው፣ ምርጫዎቹና ማብራሪያው የሚጻፉት በተመደበላቸው ሰከንድ ልክ ነው። ከዚህ በታች እያንዳንዳቸው አሥር ጥያቄ የሚይዙ አሥር ቪዲዮዎች በዚህ መንገድ እንዴት እንደሚታቀዱ፣ የኢትዮጵያን ጂኦግራፊና ታሪክ እንደ ምሳሌ ወስጄ በቅደም ተከተል አስረዳለሁ።

አንደኛ፦ አሥሩን ርእሶች መደልደል

ርእሶቹን ሳልደለድል ጥያቄ መጻፍ አልጀምርም፤ ምክንያቱም አንድ ጥያቄ የትኛው ቪዲዮ ውስጥ እንደሚገባ ካልታወቀ ተመሳሳዩ ጥያቄ በሦስት ቪዲዮ ይደጋገማል። የእኔ ድልድል ጂኦግራፊንና ታሪክን የሚያፈራርቅ ነው። የመጀመሪያው ስለ ወንዞችና ሐይቆች፣ ሁለተኛው ስለ አክሱም፣ ሦስተኛው ስለ ጎረቤት አገሮች፣ አራተኛው ስለ ላሊበላና ስለ ዛጉዌ ዘመን፣ አምስተኛው ስለ ተራሮችና ረባዳ ቦታዎች፣ ስድስተኛው ስለ ጎንደር፣ ሰባተኛው ስለ ከተሞች፣ ስምንተኛው ስለ ዓድዋ፣ ዘጠነኛው ከባቡር ሐዲዱ እስከ አፍሪካ አንድነት ድርጅት ምሥረታ ስላለው ዘመን ነው። አሥረኛው ከዘጠኙ የተውጣጣ ይሆናል፤ እርሱን በመጨረሻ እመለስበታለሁ።

ማፈራረቁ ለተመልካች ለውጥ ከመስጠቱም በላይ ለአዘጋጁ ሥራ ይቀንሳል። ለወንዞቹ የተዘጋጀው ባዶ ካርታ ለጎረቤት አገሮች፣ ለተራሮችና ለከተሞችም ያገለግላልና አንድ ጊዜ በጥንቃቄ ከተሠራ አራት ጊዜ ይሠራበታል።

ሁለተኛ፦ ለአንድ ጥያቄ የሚመደበው ሰከንድ

ሰዓት መለኪያ ይዞ ጥያቄን ጮክ ብሎ ማንበብ ሊዘለል የማይገባው ሥራ ነው። እኔ ረጋ ብዬ ሳነብ በአምስት ሰከንድ ውስጥ ስምንት የአማርኛ ቃላት ያህል አነባለሁ። የሌላው ሰው አነባበብ ሊፈጥን ወይም ሊዘገይ ስለሚችል እያንዳንዱ አዘጋጅ የራሱን መለካት አለበት፤ ስሌቱ ግን ያው ነው።

በእኔ ልክ ጥያቄው አምስት ሰከንድ ይወስዳል፤ ይህም ማለት ጥያቄው ከስምንት ቃል ብዙም መብለጥ የለበትም። አራቱ ምርጫዎች እያንዳንዳቸው በሁለት ሰከንድ ሲነበቡ ስምንት ሰከንድ ይሆናሉ። ከዚያ የማሰቢያው ጊዜ ይመጣል። መልሱን ለመናገር ሁለት ሰከንድ፣ ለማብራሪያው ዘጠኝ ሰከንድ፣ ወደሚቀጥለው ጥያቄ ከመሻገር በፊት ደግሞ ለእረፍት አንድ ሰከንድ እመድባለሁ። ከማሰቢያው ጊዜ በስተቀር ይህ ሁሉ ሲደመር ሃያ አምስት ሰከንድ ነው።

የማሰቢያው ጊዜ ግን ለሁሉም ጥያቄ እኩል መሆን የለበትም። «የኢትዮጵያ ትልቁ ሐይቅ ማን ነው?» የሚለውን የሚያውቅ ሰው ጣናን ወዲያው ይላል፤ የማያውቀውም አሥር ሰከንድ ቢሰጠው አያገኘውም። እንዲህ ላለው ቀጥተኛ ጥያቄ አምስት ሰከንድ ይበቃል። ምርጫዎቹን ማመዛዘን ለሚጠይቅ ሰባት ሰከንድ፣ ካርታ አይቶ ቦታ መፈለግን ወይም ድርጊቶችን በጊዜ ቅደም ተከተል መደርደርን ለሚጠይቅ ደግሞ አሥር ሰከንድ እሰጣለሁ። ከአሥር በላይ ያስፈልገዋል የምለው ጥያቄ ካጋጠመኝ ጥያቄውን አቀላለሁ እንጂ ዝምታውን አላረዝምም፤ ምክንያቱም ከዚያ በላይ ሲሆን አስቦ የጨረሰው ተመልካች ቪዲዮውን ወደፊት መግፋት ይጀምራል።

በእያንዳንዱ ቪዲዮ የመጀመሪያዎቹ ሦስት ጥያቄዎች ቀላል፣ ቀጣዮቹ አራቱ መካከለኛ፣ የመጨረሻዎቹ ሦስቱ ከባድ ይሁኑ። በዚህ ድልድል ማሰቢያው ጊዜ ብቻ 15፣ 28 እና 30 ሰከንድ፣ በድምሩ 73 ሰከንድ ይሆናል። የቀረው የአሥሩ ጥያቄዎች ጊዜ 250 ሰከንድ ነው። መግቢያው 12 ሰከንድ፣ መዝጊያው 20 ሰከንድ ሲጨመር ቪዲዮው 355 ሰከንድ፣ ማለትም አምስት ደቂቃ ከሃምሳ አምስት ሰከንድ ይፈጃል። መዝጊያው ሃያ ሰከንድ የሆነበት ምክንያት ዩቲዩብ ሌላ ቪዲዮ የሚጠቁምበት የመጨረሻ ገጽ ከአምስት እስከ ሃያ ሰከንድ ስለሚፈቅድ ነው፤ ያ ገጽ በአሥረኛው ጥያቄ ማብራሪያ ላይ ከተደረበ ካርታውን ይሸፍነዋል።

ቀላል ጥያቄ 30፣ መካከለኛው 32፣ ከባዱ 35 ሰከንድ መሆኑ ከታወቀ እያንዳንዱ ጥያቄ የሚጀምርበት ደቂቃ ከቀረጻ በፊት ይታወቃል። በቪዲዮው መግለጫ ላይ የሚጻፉት የምዕራፍ ሰዓቶችም ከዚሁ ስሌት ይገኛሉ፦

```
0:00 መግቢያ
0:12 ጥያቄ 1
0:42 ጥያቄ 2
1:12 ጥያቄ 3
1:42 ጥያቄ 4
2:14 ጥያቄ 5
2:46 ጥያቄ 6
3:18 ጥያቄ 7
3:50 ጥያቄ 8
4:25 ጥያቄ 9
5:00 ጥያቄ 10
5:35 መዝጊያ
```

ለምዕራፎቹ «የጣና ሐይቅ» ወይም «አዋሽ» የሚል ስም መስጠት አይገባም። የምዕራፉ ስም በቪዲዮው መስመር ላይ ስለሚታይ ተመልካቹ ገና ጥያቄውን ሳይሰማ መልሱን ያነበዋል።

ሦስተኛ፦ ጥያቄውን መቅረጽ፣ በአዋሽ ምሳሌ

አንድ ጥያቄ በስንት እጅ እንደሚታሽ ለማሳየት ከወንዞቹ ቪዲዮ አምስተኛውን ጥያቄ ልውሰድ። አስቀድሜ የጻፍኩት እንዲህ የሚል ነበር፦ «ከኢትዮጵያ ታላላቅ ወንዞች መካከል ባሕር የማይደርሰው የትኛው ነው?» መልሱ አዋሽ እንዲሆን ፈልጌ ነው። ነገር ግን ኦሞም የሚገባው ቱርካና ሐይቅ እንጂ ባሕር አይደለም፤ ዋቢ ሸበሌም ሶማሊያ ውስጥ በረግረግና በአሸዋ መካከል ስለሚቀር አብዛኛውን ጊዜ ውቅያኖስ አይደርስም። ጥያቄው ሦስት ትክክለኛ መልስ ነበረው ማለት ነው።

«ከአገር ሳይወጣ የሚቀረው ወንዝ የትኛው ነው?» ብዬ ለወጥኩት። ይህም አላዋጣም፤ አዋሽ የሚያበቃበት አቤ ሐይቅ የኢትዮጵያንና የጅቡቲን ድንበር የተንተራሰ ስለሆነ፣ ኦሞም ቱርካና የሚገባው ከኬንያ ድንበር አጠገብ ስለሆነ፣ «ከአገር ወጣ» ወይም «አልወጣም» የሚለው ራሱ ያከራክራል። ተመልካች በሰባት ሰከንድ ውስጥ ሊከራከር አይችልም፤ የሚከራከረው ቪዲዮው ካለቀ በኋላ ነው፤ ያኔም እውነቱ የእርሱ ይሆናል።

የመጨረሻው ቅርጽ ይህ ሆነ፦ «ከጊንጪ አካባቢ የሚነሣው አዋሽ ወንዝ መጨረሻው የት ነው?» ቃሉ ስምንት ነው፤ በአምስት ሰከንድ ይነበባል። ወንዙ በስም ስለተጠራ ሌላ ወንዝ ሊያከራክር አይችልም፤ መጨረሻውም አንድ ብቻ ነው። ብዙውን ጊዜ ጥያቄው አሻሚ ሲሆን መፍትሔው የመልሱንና የጥያቄውን ቦታ ማለዋወጥ ነው፤ እዚህም አዋሽ ከመልስነት ወደ ጥያቄው ሲገባ ችግሩ ተወገደ።

ምርጫዎቹ፦ ሀ. ቀይ ባሕር፣ ለ. ቱርካና ሐይቅ፣ ሐ. አቤ ሐይቅ፣ መ. አሳል ሐይቅ። ትክክል ያልሆኑት ሦስቱ በዘፈቀደ የገቡ አይደሉም። ወንዝ ሁሉ ባሕር ይገባል ብሎ የሚያምን ሰው ቀይ ባሕርን ይመርጣል። አዋሽንና ኦሞን የሚያምታታ ቱርካናን ይመርጣል። ወንዙ ወደ ጅቡቲ አቅጣጫ እንደሚሄድ ብቻ የሚያስታውስ አሳልን ይመርጣል፤ አሳል በጅቡቲ ያለ የጨው ሐይቅ ነውና። እያንዳንዱ የተሳሳተ ምርጫ አንድ የታወቀ ስሕተት ሲወክል ተመልካቹ የተሳሳተበትን ምክንያት ከማብራሪያው ይረዳል። በምርጫው ውስጥ የሪፍት ቫሊ ሐይቅ ይሁን ተብሎ ሻላ ወይም ጫሞ ቢገባ ኖሮ ማንም አይመርጠውም ነበር፤ ለሁለት ሰከንድ የሚነበብ ባዶ ቃል ይሆናል።

ማብራሪያው፦ «አዋሽ ባሕር አይደርስም፤ የአፋርን በረሓ አቋርጦ በኢትዮጵያና በጅቡቲ ድንበር ላይ ባለው አቤ ሐይቅ ያበቃል።» ይህ አሥራ አራት ቃል ሲሆን በዘጠኝ ሰከንድ ውስጥ ይነበባል። የወንዙን ርዝመትና የቆቃን ግድብ ታሪክ ለመጨመር ልቤ ፈልጎ ነበር፤ ሁለቱም ጥሩ ናቸው፤ ግን የጥያቄው መልስ አይደሉም። የቆቃው ነገር በሌላ ጥያቄ ሊመጣ ይችላል።

በሰከንድ ሲቀመጥ እንዲህ ነው። ከ0 እስከ 5 ጥያቄው በድምፅና በጽሑፍ ይቀርባል። ከ5 እስከ 13 ምርጫዎቹ በየሁለት ሰከንዱ አንድ በአንድ፣ ድምፁ ሲጠራቸው ይወጣሉ። በ13ኛው ሰከንድ፣ ከዚያ በፊት ሳይሆን፣ የሰዓቱ ክብ መቁጠር ይጀምራል። በ20ኛው ሰከንድ ቆጠራው አልቆ ትክክለኛው ምርጫ ይደምቃል፤ ድምፁም «መልሱ ሐ፣ አቤ ሐይቅ» ይላል። ከ22 እስከ 31 ካርታው ወጥቶ የወንዙ መስመር ከጊንጪ ተነሥቶ እስከ አቤ ድረስ ከንባቡ ጋር እኩል ይሰመራል። ከዚያ አንድ ሰከንድ እረፍት፤ 32ኛው ላይ ስድስተኛው ጥያቄ ይጀምራል።

አራተኛ፦ የዓመተ ምሕረት ጥያቄዎች

የታሪክ ቪዲዮዎቹ ከጂኦግራፊው የሚከብዱት በዘመን አቆጣጠር ምክንያት ነው። «የዓድዋ ጦርነት የተካሄደው መቼ ነው?» ተብሎ 1881፣ 1888፣ 1896 እና 1928 በምርጫነት ቢቀርቡ፣ አገር ቤት የተማረው 1888ን፣ በውጭ አገር የተማረው 1896ን ይመርጣል፤ ሁለቱም ትክክል ናቸው። ጦርነቱ የተደረገው የካቲት 23 ቀን 1888 ዓ.ም. ሲሆን እ.ኤ.አ. ማርች 1 ቀን 1896 ነው። ስለዚህ ጥያቄው «በኢትዮጵያ አቆጣጠር» የሚለውን ቃል በራሱ ውስጥ መያዝ አለበት፤ በፈረንጆቹ አቆጣጠር ትክክል የሚሆነውም ዓመት በምርጫነት መግባት የለበትም። 1881 የውጫሌ ውል የተፈረመበት፣ 1928 ደግሞ የፋሺስት ኢጣልያ ወረራ ዓመት ስለሆኑ ጥሩ ምርጫዎች ናቸው፤ በ1896 ቦታ በኢትዮጵያ አቆጣጠር የታወቀ ሌላ ዓመት ይግባ፤ ለምሳሌ አዲስ አበባ የተቆረቆረችበት 1879።

ዓመት ሲለወጥም ስምንት መቀነስ ብቻ አይበቃም። ከመስከረም 1 ቀን እስከ ዲሴምበር መጨረሻ ልዩነቱ ሰባት ነው፤ ከጃንዋሪ 1 እስከ ጳጉሜን መጨረሻ ስምንት ነው። ሉሲ የተገኘችው እ.ኤ.አ. ኖቬምበር 24 ቀን 1974 ስለሆነ ሰባት ተቀንሶ ኅዳር 15 ቀን 1967 ዓ.ም. ይሆናል። አበበ ቢቂላ በሮም በባዶ እግሩ ሮጦ ያሸነፈው ደግሞ እ.ኤ.አ. ሴፕቴምበር 10 ቀን 1960 ነው። ይህ ቀን በእኛ ጳጉሜን 5 ቀን 1952 ዓ.ም. ነው፤ ማግስቱ የ1953 ዓ.ም. እንቁጣጣሽ ነበር። ወሩ ሴፕቴምበር ነው ብሎ በችኮላ ሰባት የሚቀንስ ሰው 1953 ብሎ ይጽፋል። እንዲህ ያለ ቀን ሲያጋጥም ዓመቱን ብቻ ሳይሆን ቀኑንም ለውጦ ማየት ግዴታ ነው።

ለዓመት ጥያቄ የምሰጠው ማሰቢያ ጊዜ ከአሥረኛው ቪዲዮ በስተቀር ሁልጊዜ ቢያንስ ሰባት ሰከንድ ነው። ቀላል ቢመስልም በውጭ አገር ያለ ተመልካች በልቡ ስምንት ወይም ሰባት መደመር አለበት፤ ያም ጊዜ ይፈልጋል። መልሱ ሲገለጥ ደግሞ ሁለቱም አቆጣጠሮች አብረው ስክሪኑ ላይ ይጻፉ፤ በድምፅ የሚነበበው ግን አንዱ ብቻ ይሁን፤ ሁለቱም ከተነበቡ ማብራሪያው ከዘጠኝ ሰከንድ ያልፋል።

አምስተኛ፦ የሚያረጁና የሚያከራክሩ መልሶችን ማስወገድ

ቪዲዮ እንደ ጋዜጣ በማግስቱ አይጣልም፤ ከሦስት ዓመት በኋላም ይታያል። «ኢትዮጵያ ስንት ክልሎች አሏት?» የሚለው ጥያቄ ለረጅም ጊዜ መልሱ ዘጠኝ ነበር። ሲዳማ በ2012 ዓ.ም.፣ ደቡብ ምዕራብ በ2014 ዓ.ም. ክልል ሲሆኑ፣ በ2015 ዓ.ም. ደግሞ የቀድሞው የደቡብ ክልል ሲከፈል ቁጥሩ አሥራ ሁለት ደረሰ። በዓለም ቅርስነት የተመዘገቡ የኢትዮጵያ ስፍራዎች ቁጥርም እንዲሁ ነው፤ እ.ኤ.አ. በ2023 የባሌ ተራሮችና የጌዴኦ መልክዓ ምድር፣ በ2024 ደግሞ መልካ ቁንጡሬ ተጨመሩ። «ስንት ናቸው?» ከማለት ይልቅ «እ.ኤ.አ. በ1978 ከሰሜን ተራሮች ጋር አብሮ የተመዘገበው ቅርስ የትኛው ነው?» ማለት ይሻላል፤ መልሱ የላሊበላ ውቅር አብያተ ክርስቲያናት ነው፤ ይህ መልስ ወደፊትም አይለወጥም።

የራስ ዳሸን ከፍታ ሌላው ምሳሌ ነው። በተለያዩ መጻሕፍት 4,533፣ 4,550 እና 4,620 ሜትር ተብሎ ተጽፎ ይገኛል። ከፍታውን መጠየቅ ክርክር መጋበዝ ነው፤ ከኢትዮጵያ ከፍተኛው ተራራ ማን እንደሆነ መጠየቅ ግን ጉዳት የለውም። በተመሳሳይ መንገድ ብዙ ሰው ከአፍሪካ ዝቅተኛው ቦታ የእኛው ዳሎል እንደሆነ አድርጎ ያምናል፤ ዝቅተኛው ግን ከባሕር ወለል በታች 155 ሜትር ያህል የሚወርደው የጅቡቲው አሳል ሐይቅ ነው። ይህን ጥያቄ ከአምስተኛው ቪዲዮ ከባድ ጥያቄዎች አንዱ አድርጌዋለሁ፤ ተመልካቹ እርግጠኛ ሆኖ የሚስትበት ጥያቄ ስለሆነ ማብራሪያው ያለ ጥድፊያ መነበብ አለበት።

ከእያንዳንዱ መልስ አጠገብ ሁለት፣ እርስ በርሳቸው ያልተቀዳዱ ምንጮችን መጻፍ ልማድ ይሁን። ሁለቱ ካልተስማሙ ጥያቄው ይቀራል። በዚህ ምክንያት ለአሥሩ ቪዲዮ መቶ ሳይሆን መቶ ሠላሳ ያህል ጥያቄ መጻፍ ያስፈልጋል።

ስድስተኛ፦ አንዱ ሠንጠረዥ

መቶውም ጥያቄ በአንድ ሠንጠረዥ ላይ ይቀመጥ። ዓምዶቹ የቪዲዮው ቁጥር፣ የጥያቄው ቁጥር፣ ጥያቄው፣ አራቱ ምርጫዎች፣ የመልሱ ፊደል፣ የማሰቢያው ሰከንድ፣ ማብራሪያው፣ ምንጮቹና የሚያስፈልገው ሥዕል ወይም ካርታ ናቸው። ሠንጠረዡ ሁለት ነገር በዓይን ያሳያል።

አንደኛው የመልሶቹ ፊደል ነው። ሰው ጥያቄ ሲጽፍ ሳያስበው ትክክለኛውን መልስ መካከል ላይ፣ ለ ወይም ሐ ላይ ያስቀምጣል። በአሥር ጥያቄ ውስጥ ሁለቱ ፊደላት ሦስት ሦስት፣ ሁለቱ ደግሞ ሁለት ሁለት ጊዜ መልስ ይሁኑ፤ አንድ ፊደል በተከታታይ ከሁለት ጊዜ በላይ አይምጣ።

ሁለተኛው መልስን አስቀድሞ ማሳየት ነው፤ ይህ በአንድ ቪዲዮ ውስጥ ብቻ ሲታይ አይያዝም። በአዋሽ ማብራሪያ ላይ የሚወጣው ካርታ የስድስቱንም ጎረቤት አገሮች ስም ይዞ ከወጣ በሦስተኛው ቪዲዮ «ኢትዮጵያ ከስንት አገሮች ጋር ትዋሰናለች?» የሚለው ጥያቄ ከወዲሁ ተመልሷል። በእኔ ሠንጠረዥ የሥዕሉ ዓምድ «ካርታ» ብቻ አይልም፤ በካርታው ላይ የትኞቹ ስሞች እንደሚጻፉ ይዘረዝራል። በአዋሽ ካርታ ላይ የሚጻፉት ጊንጪ፣ አፋር፣ አቤ ሐይቅና ጅቡቲ ብቻ ናቸው።

ሰባተኛ፦ ቀረጻና ቅንብር

ድምፁን ለእያንዳንዱ ቪዲዮ በአንድ ተቀምጦ መቅረጽ ይሻላል፤ በሌላ ቀን የተቀረጸ ድምፅ በመካከል ሲገባ ይታወቃል። ጥያቄው፣ አራቱ ምርጫዎች፣ መልሱና ማብራሪያው በየመካከላቸው ሁለት ሰከንድ ያህል ዝም እየተባለ ይነበቡ፤ ሲቀናበር በቀላሉ ይቆረጣሉ። ምርጫዎቹን ሲያነቡ በሚገባ መጠንቀቅ ያስፈልጋል። አንባቢው መልሱን ስለሚያውቅ ትክክለኛው ምርጫ ላይ ሲደርስ ሳይታወቀው ድምፁን ያጸናል ወይም ይዘገያል። እኔ ይህን ያስተዋልኩት ዓይኔን ጨፍኜ የራሴን ቀረጻ ሳዳምጥ ነው፤ ከአሥሩ ስድስቱን ከድምፄ ብቻ መለየት ቻልኩ። አሁን ምርጫዎቹን የማነበው የመልሱ ፊደል ካልተጻፈበት ወረቀት ላይ ነው፤ አራቱንም በአንድ ዜማ።

በቪዲዮ ማቀናበሪያው ውስጥ ሦስት ባዶ ቅርጾችን አንድ ጊዜ መሥራት ይበቃል፤ ባለ 30፣ ባለ 32 እና ባለ 35 ሰከንድ። ከዚያ በኋላ ያለው ሥራ ጽሑፍና ድምፅ መተካት ነው። በማሰቢያው ጊዜ የሚሰማው የሰዓት ድምፅ ለስለስ ያለና ለሁሉም ጥያቄ አንድ ዓይነት ይሁን። ሙዚቃ ከተጨመረ በመካከል ከፍ ዝቅ የማይል ይመረጥ፤ አለዚያ ከፍ ያለበት ቦታ የመልስ ምልክት ይመስላል። ጥያቄውና ምርጫዎቹ ማሰቢያው ጊዜ እስኪያልቅ ድረስ ከስክሪኑ አይነሡ፤ ጥያቄውን አጥፍቶ ሰዓቱን ብቻ ማሳየት ቀስ ብሎ የሚያነበውን ሰው ይጎዳል።

መልሱ ሲገለጥ የተሳሳቱት ምርጫዎች ደብዘዝ ይበሉ እንጂ አይጥፉ፤ ተመልካቹ የመረጠውን ከትክክለኛው ጋር ማነጻጸር ይፈልጋል። አረንጓዴንና ቀይን መለየት የሚቸገሩ ሰዎች ስላሉ ከቀለሙ ጋር የትክክል ምልክት ይጨመር።

ስምንተኛ፦ ከመጀመሪያው ቪዲዮ በኋላ መቆም

ዘጠኙን ከመቀጠል በፊት የመጀመሪያው ቪዲዮ ብቻ ይጠናቀቅና በሦስት ሰዎች ይሞከር፤ አንዱ አማርኛ ቀስ ብሎ የሚያነብ ይሁን። አዘጋጁ አጠገባቸው ተቀምጦ ምንም ሳይናገር እያንዳንዱ ሰው በስንተኛው ሰከንድ መልስ እንደሰጠ ይመዝግብ። ሦስቱም ቆጠራው በተጀመረ በሁለተኛው ሰከንድ ከመለሱ ጊዜው በዝቷል፤ ዓይናቸው ገና ምርጫዎቹ ላይ እያለ መልሱ ከወጣ አንሷል፤ መልሱን ከሰሙ በኋላ «ጥያቄው ምን ነበር?» ካሉ ደግሞ ችግሩ ከጊዜው ሳይሆን ከጥያቄው አጻጻፍ ነው።

ቪዲዮው ከወጣ በኋላ የዩቲዩብ የተመልካች ቆይታ ግራፍ ተመሳሳይ ነገር ይናገራል። መስመሩ በማሰቢያው ጊዜ ላይ እየጎደለ ሄዶ መልሱ ላይ ከተመለሰ ሰዎች ዝምታውን እየዘለሉ ነው። ማብራሪያው ላይ ጉብ ካለ ወደኋላ መልሰው እያዩት ነው ማለት ነው፤ ይህም አብዛኛውን ጊዜ የሚሆነው ካርታው ቶሎ ሲነሣ ነው። እኔ የማብራሪያውን ጊዜ ከሰባት ወደ ዘጠኝ ሰከንድ ያሳደግኩት ይህን አይቼ ነው።

ዘጠነኛ፦ አሥረኛው ቪዲዮና እርማት

አሥረኛው ቪዲዮ ከዘጠኙ አንዳንድ ጥያቄ ወስዶ አንድ አዲስ ይጨምራል፤ የተወሰዱት ግን ተገልብጠው ይጠየቃሉ። በመጀመሪያው ቪዲዮ የአዋሽ መጨረሻ ከተጠየቀ እዚህ «በአቤ ሐይቅ የሚያበቃው ወንዝ የትኛው ነው?» ይባላል። ዘጠኙን የተከታተለ ሰው መልሱን ስለሚያውቅ የማሰቢያው ጊዜ ለሁሉም አምስት ሰከንድ ይሆናል፤ ቪዲዮውም በ23 ሰከንድ ያጥራል። ፍጥነቱ ራሱ ይህ ቪዲዮ ከሌሎቹ የተለየ መሆኑን ያስታውቃል።

ይህ ሁሉ ጥንቃቄ ተደርጎም ስሕተት ሊያመልጥ ይችላል። ዩቲዩብ ላይ የወጣን ቪዲዮ በዚያው አድራሻ በሌላ ቪዲዮ መተካት አይቻልም፤ ከውስጡ ቆርጦ ማውጣት ግን ይቻላል። እያንዳንዱ ጥያቄ ራሱን የቻለ የ30፣ የ32 ወይም የ35 ሰከንድ ክፍል ስለሆነ የተሳሳተው ጥያቄ ከእነ እረፍቱ ተቆርጦ ቢወጣ የቀሩት ዘጠኙ አይነኩም። ለዚህም ሲባል በማብራሪያ ውስጥ «ቅድም በአራተኛው ጥያቄ እንዳየነው» ብሎ ወደኋላ ማመልከት፣ በመግቢያውም «አሥር ጥያቄዎች አሉን» ብሎ በድምፅ መናገር አይገባም። ከተቆረጠ በኋላ በመግለጫው ላይ ያሉት የምዕራፍ ሰዓቶች በተቆረጠው ሰከንድ ልክ ይቀነሱ፤ አምስተኛው ጥያቄ ወጥቶ ከሆነ ስድስተኛው 2:46 መሆኑ ቀርቶ 2:14 ይሆናል።